ፎርድ የተቋቋመው መቼ ነው?

«አክሲዮኑ ለሕዝብ የተሸጠው በ1956 ከሆነ፣ ኩባንያው በ1903 ተመሠረተ ማለት እንዴት ይቻላል?»

ሁለቱም ዓመታት ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሄንሪ ፎርድና አጋሮቹ ሰኔ 1903 ኩባንያውን ሚሺጋን ውስጥ ሲያስመዘግቡ በእጃቸው የነበረው ጥሬ ገንዘብ 28,000 ዶላር ብቻ ነበር። አክሲዮን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን በጥቂት ባለድርሻዎች እጅ ተይዞ ቆይቶ፣ በ1919 የፎርድ ቤተሰብ የሌሎቹን ድርሻ በሙሉ ገዝቶ ጠቀለለው። ጥር 1956 ወደ ገበያ የወጣው አክሲዮን ቤተሰቡ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት የፎርድ ፋውንዴሽን ድርሻ ስለነበር የሽያጩ ገንዘብ የገባው ለፋውንዴሽኑ እንጂ ለኩባንያው አልነበረም፤ ስለዚህ ያን ቀን ባለቤት እንጂ ኩባንያ አልተወለደም። ደብረ ብርሃን ለማስተምራቸው የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰምርላቸዋለሁ፤ በአንዱ «የተመዘገበበት»፣ በሌላው «ለሕዝብ የተሸጠበት» ብዬ እጽፋለሁ። የገበያ ሠንጠረዥ የዋጋ ታሪኩን የሚጀምረው ከሁለተኛው ነውና፣ ያንን ብቻ ያየ ሰው የ53 ዓመት ታሪክ ያመልጠዋል።