«ፓራሲታሞል ነው፣ አትጨነቁ»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለስላሳ ቃል አትጠብቁብኝ። ስማችሁን ባላውቅም የሰጣችሁትን መልስ በእናትየው ስልክ ላይ አንብቤዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ከአያቱ አልጋ አጠገብ ከነበረች ትንሽ ቆርቆሮ እንክብል አውጥቶ ሲያኝክ ተገኘ። ቆርቆሮዋ ላይ ምንም አልተጻፈም። አያትየው ኪኒኖቻቸውን ከየማሸጊያው እያወጡ የሚያጠራቅሙባት ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበሩም። እናት በድንጋጤ የቀሩትን ሦስት ፍሬዎች አልጋ ልብሱ ላይ አድርጋ በአምፖል ብርሃን ፎቶ አነሳችና ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ላከች። ነጭ፣ ሞላላ፣ መሀላቸው ላይ መስመር ያለባቸው። መልስ ለመምጣት ጊዜ አልወሰደም። አንዱ «ይህማ እኔ ለራስ ምታት የምወስደው ነው» አለ። ሌላዋ «ፓራሲታሞል ነው፣ አትጨነቁ፤ ውኃ በደንብ አጠጡት» ብላ ጻፈች። ሌላው አውራ ጣት ላከ። ልጁም ይሮጥ ይስቅ ነበርና እናት ልቧ ተመለሰ። ሲመሽ አስተኛችው።

ሌሊት ላብ አጠመቀው። ሊነጋ ሲል ሰውነቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሆስፒታል ሲደርስ ከ70 በታች መውረድ ያልነበረበት የደም ስኳሩ 26 ሆኖ ተገኘ። እንክብሎቹ ግሊቤንክላማይድ ነበሩ፤ የአያትየው የስኳር መድኃኒት። ልጁ ተርፏል። ንግግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። «እማ» የሚለውን እንኳ እየፈለገ ነው የሚያወጣው።

ይህ መድኃኒት ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ሰውየው በላም አልበላም ግድ የለውም። ለሕፃን አንድ ፍሬ ሊበቃው ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ስኳሩ ወዲያው ላይወርድ መቻሉ ነው፤ ሰዓታት አልፈው፣ ልጁ ሳይበላ በተኛበት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «ይጫወታል እኮ» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ይህን መድኃኒት ውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ሕፃን ደህና ቢመስልም ሐኪም ቤት ገብቶ፣ ስኳሩ ደጋግሞ እየተለካ ሌሊቱን ያድራል። ያ ሌሊት ነው በአንድ መስመር መልስ የተወሰደበት። ደግሞስ ፓራሲታሞል ቢሆን ኖሮ «አትጨነቁ» ያሰኛል? ፓራሲታሞልም ሲበዛ ጉበት ያጠፋል፤ የመጀመሪያውን ቀን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

ፎቶው ምን ነበር የሚናገረው? እኔም አየሁት። በፓራሲታሞል እንክብል ውስጥ ያለው መድኃኒት ብቻውን 500 ሚሊግራም ስለሆነ ፍሬው የግድ ተለቅ ይላል። የግሊቤንክላማይዱ መድኃኒት 5 ሚሊግራም ነው፤ የቀረው እንክብሉ በጣት እንዲያዝ የተጨመረ መሙያ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ልዩነቱን ሕፃንም ያየዋል። በፎቶው ግን ካሜራው ተጠግቶ ስለነበር ትንሹ ፍሬ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያም ሆነ ሌላ ነገር አጠገቡ የለም። «የእኔን ይመስላል» ያለው ሰው ያየው ቅርጹን ነው፤ ትልቅነቱን ከራሱ ጨመረበት። ቀለሙም ቢሆን የአምፖሉ ነበር፤ በቢጫ ብርሃን ነጩ ክሬም፣ ክሬሙ ቢጫ ይመስላል።

ሁላችሁም ያመናችሁበት መስመር ደግሞ የማንም መታወቂያ አይደለም። በአብዛኛው እንክብሉ ለሁለት እንዲከፈልበት የተሠራ መስመር ነው፤ የደም ግፊቱም የስኳሩም የሕመም ማስታገሻውም አለው። ምልክት የሚባለው በወዲያኛው ገጽ ላይ ነበር፣ አልጋ ልብሱ ላይ ተደፍቶ።

ገልብጣው ብታነሳስ? ሁለት ፊደል ይታይ ነበር፤ የአምራቹ ምልክት። አንድ አምራች ያንኑ ምልክት በብዙ መድኃኒቶቹ ላይ ሊያትም ይችላል። ስለዚህ ፊደሎቹ ብቻቸውን አምራቹን እንጂ መድኃኒቱን አይነግሩም። ቁጥርም ያታልላል። በአሜሪካ ገበያ ላይ «ኤም» እና 30 የተቀረጸበት ሰማያዊ ክብ እንክብል አለ፤ ኦክሲኮዶን የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሲሆን 30 ሚሊግራም ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል። «ኤም» 367 የተባለው ግን 367 ሚሊግራም የያዘ ነገር አይደለም። ሌላ ብርቱ ማስታገሻ የሆነው ሃይድሮኮዶን 10 ሚሊግራምና ፓራሲታሞል 325 ሚሊግራም ያለበት ሲሆን 367 የአምራቹ የምርት መለያ ቁጥር ነው። ይህን የሚያውቀው የምልክቶቹ ዝርዝር በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ደግሞ 8 ከ3፣ 6 ከ9 አይለይም፤ አንዷ ቁጥር ስትሳሳት መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል።

ዝርዝሩ ራሱም የሚሠራው ሕግ ባለበት ነው። አሜሪካ የሚዋጥ እንክብል ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከቅርጹ፣ ከመጠኑና ከቀለሙ ጋር ተደምሮ መድኃኒቱንና አምራቹን የሚለይ ምልክት እንዲኖረው ታስገድዳለች። ይህ ግዴታ በሌለባቸው አገሮች እንክብሉ ባዶ ቢሆን ወይም መስመር ብቻ ቢኖረው ሕጋዊ ነው። ከአንዱ አገር የመጣውን በሌላው አገር ዝርዝር ፈልጎ «አገኘሁት» ማለት ተመሳሳይ አገኘሁ ከማለት አያልፍም። ምልክት ደግሞ በመጫኛው ማሽን ሻጋታ የሚወጣ ቅርጽ ነው፤ ሻጋታውን ያገኘ ሁሉ ያትመዋል። ያ «ኤም» 30 በወንጀለኞች እጅ ተመስሎ፣ በውስጡ ፈንታኒል የተባለ እጅግ ብርቱ ማስታገሻ ተጨምሮበት ብዙ ሰው ገድሏል። በፎቶ ሁለቱ አንድ ናቸው። የውስጡን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው።

የሙያ ጓደኞቼንም አልምርም። እንክብል ከትልቅ ጣሳ ቆጥረን በከረጢት ስንሰጥ፣ ስሙን ሳንጽፍ «ጠዋትና ማታ» ብቻ ብለን የምንሸኝ እኛ ነን። ያቺን ስም የለሽ ቆርቆሮ አያትየው ከእኛ ተማሯት።

እናቲቱን አልወቅስም። የጠየቀችው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም፤ መልስ ያለው ሌላ ነበር፦ በዚህ ቤት ማን ምን ይወስዳል? አያትየው በስልክ ተጠይቀው ቢሆን «የስኳሬን» ይሉ ነበር። ያ አንድ ቃል ከፎቶው ይበልጥ ነበር። ቀጥሎ ልጁን፣ የቀሩትን ፍሬዎች ሳይታጠቡ፣ ቆርቆሮዋንና በቤት የተገኘውን ባዶ ማሸጊያ ሁሉ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሐኪሙ እንክብሉን ባያውቀው እንኳ ጣት ወግቶ ስኳር ይለካል፤ የከፋውን ጠርጥሮ ይጀምራል። ፎቶ የግድ ከሆነ በቀን ብርሃን፣ በሁለቱም ገጽ፣ ከማስመሪያ አጠገብ ይነሳ፤ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ይላክ። እነሱም «ሊሆን ይችላል» ቢሏችሁ አትቆጡ፤ ከፎቶ በሐቀኝነት የሚወጣው እስከዚያ ነው።

ነገም አንድ ሰው ፎቶ ይልክላችኋል። ትጠየቃላችሁ፣ ማገዝም ትፈልጋላችሁ፤ ክፋት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ይህን ስል ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም፣ ደክሞኛል። ቢሆንም ከመካከላችሁ አንድ ሰው «አላውቀውም፣ ልጁን ይዘሽው ሂጂ» ብሎ ቢጽፍላት ብዬ እስካሁን ተስፋ አደርጋለሁ።