ምስጋና ለማይታክተው ጣታችን

እጃችን ይባረክ! ፓስዎርድ ስንረሳ እንደኛ የሚተጋ የለም። «ፓስዎርድ ረሳሁ» የምትለዋን እንጫናለን። ኢሜይሉ ወዲያው ካልመጣ እንደገና እንጫናለን። አሁንም ካልመጣ ምን ቸገረን፣ እንደገና። ሰርቨሩ ጆሮው ደነዝ ነው፤ ደጋግሞ የጠራው ሰው ነው የሚሰማው ብለን ቆርጠናል። ደግሞም ይሰማል። ችግሩ ሁሉንም መስማቱ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼን ለምስክርነት ላቅርብ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለፈው አንድ ቅጽ በኦንላይን መሙላት ነበረባቸው፣ ፓስዎርዱ ጠፋባቸው። ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ተጫኑ። ዝም። 4፡12 ላይ ተጫኑ። ዝም። 4፡13 ላይ ሠለሱ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ የማይመልስ ሰው እንኳ ስልኩ ተዘግቶ ይሆናል ይባላል፤ ጋሼ ግን ተስፋ አልቆረጡም። 4፡16 ሲሆን ሦስቱም ኢሜይሎች ባንድ ላይ ከተፍ አሉ።

መዘግየቱ ተንኮል አልነበረበትም። አንዳንድ የኢሜይል ሰርቨር የማያውቀው ላኪ ሲመጣበት «ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ደህናው ላኪ ተመልሶ ይመጣል፤ የአጭበርባሪው ማሽን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ይህች ማጣሪያ ናት ደቂቃዎቹን የበላችው። ይሄ ግን ለኛ አይነገረንም፤ ቢነገረንስ መቼ ጣታችንን ሰብሰብ እናደርግ ነበር?

ሦስቱ ኢሜይሎች ርዕሳቸው አንድ፣ ላኪያቸው አንድ ነው። የኢሜይል ፕሮግራሙም ዘመድ ናቸው ብሎ ባንድ ረድፍ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። ጋሼ ከፈቱት። ከላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፣ የ4፡10ሩ። ሰው ከላይ ያለውን አይደል የሚጫነው? ተጫኑት። እንዲህ የሚል መጣ፦

«ሊንኩ ጊዜው ያለፈበት ወይም ልክ ያልሆነ ነው። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

ጋሼ ሕግ አክባሪ ናቸው። ሞክሩ ከተባሉ ይሞክራሉ። አዲስ ሊንክ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጣታችን ሙያ የሚታየው እዚህ ነውና። ከሦስቱ አንዱ፣ የ4፡13ቱ፣ በሕይወት ነበር። እዚያው ከሁለቱ ሟቾች ሥር ተኝቶ የሚጫነው ይጠብቅ ነበር። ጋሼ አራተኛውን ሲጠይቁ ያ ደግሞ ሞተ። አራተኛው እስኪመጣ አምስተኛውን ጠየቁ። አራተኛው ሲመጣ ከፈቱት፤ የሞተ ነበር። እንዲህ እያሉ ምሳ ደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ሰዎች ጋሼን ቢያዩ አፍሶ መልቀም እንኳ ስንት እንደሚያስደስት ይረዱ ነበር፤ ጋሼ ገና እያፈሰሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊንኩ ጭራ ላይ ያለችው ረጅም ዝብርቅርቅ ፊደል ቶከን ትባላለች። ብዙ ሲስተም ለአንድ አካውንት የሚይዘው አንድ ቶከን ብቻ ነው። ድረ ገጽ ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ወርድፕሬስ አዲሱን በድሮው ላይ ይጽፍበታል። ላራቬል አዲሱን ከመሥራቱ በፊት የድሮውን ያጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዷ «እንደገና» ያለፈችውን ገድላ ነው የምትወለደው። ይሄ ደግሞ ስህተት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። አምስት የሚሠሩ ቁልፎች በኢንቦክስ ውስጥ ተበትነው ከሚቀሩ አንድ ቢቀር ይሻላል።

ጃንጎ የሚባለው ግን ጠባዩ ይለያል። ቶከኑን አያስቀምጥም፤ ከድሮው ፓስዎርድና መጨረሻ ከገባችሁበት ሰዓት እያሰላ ያወጣዋል። እሱ ዘንድ አምስቴ ብትጠይቁ አምስቱም ይሠራሉ። የሚሞቱት ፓስዎርዱን ስትቀይሩ ነው። ወይም፣ ይሄ ነው ደስ የሚለው፣ የረሳችሁት ፓስዎርድ ድንገት ትዝ ብሏችሁ ስትገቡ። ከገባችሁ በኋላ ሊንኩን «እስቲ ለማንኛውም» ብላችሁ ከነካችሁት ልክ ያልሆነ ነው ይላችኋል። ምስጋና ለማስታወስ ችሎታችሁ።

አሁን ደግሞ «ጊዜው ያለፈበት» የምትለዋን ቃል እናድንቅ። የጋሼ የመጀመሪያ ሊንክ ሲከፈት ከተወለደ ገና 6 ደቂቃው ነበር። ማንም ካልነካካው ላራቬል ለሊንክ የሚሰጠው ዕድሜ 60 ደቂቃ ነው። ወርድፕሬስ አንድ ቀን ይሰጣል። ጃንጎ ሦስት ቀን። በ6 ደቂቃ በእርጅና የሚሞት ሊንክ ብዙም አልታየም። ግን መልእክቱ ውስጥ «ወይም» አለች። ይህች «ወይም» ስንቱን የምትችል ቃል ናት! በሌላ ተተክቶ የሞተው፣ ቀድሞ ተከፍቶ የሞተው፣ ኮፒ ሲደረግ ጭራው የተቆረጠው፣ በእውነት ያረጀው፣ ሁሉም ባንዲት «ወይም» ሥር ተቀብሯል። መርማሪ ቢመጣ አስከሬኑ የማን እንደሆነ አይለይም።

ለምን አትለዩም ብዬ አንድ የማውቀውን ፕሮግራመር ጠይቄው ነበር። «ለሴኩሪቲ ነው» አለኝ። እውነት አለው፣ ግማሹ። ኢሜይል ስታስገቡ «ይህ አካውንት የለም» ብሎ ለማንም መንገር ልክ አይደለም፤ ሌባ ማን አካውንት እንዳለው ያጣራበታል። ግን ትክክለኛ ቶከን ይዞ ለመጣ ሰው «ከዚህ በኋላ አዲስ ልከንልዎታል፣ የመጨረሻውን ይክፈቱ» ማለት ማንን ይጎዳል? ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የድሮው ቶከን ተሰርዟል። ሰርቨሩ ራሱ ሟቹን አያውቀውም። ለማወቅ ተተክቷል የሚል ምልክት አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሥራ ነው። «እንደገና ይሞክሩ» ግን በነፃ ነው።

እስካሁን ጋሼን ተሳለቅንባቸው። በሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አለች፣ የትዕግስት ተምሳሌት። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነች። ጠበቀች። አንድ ኢሜይል መጣ፣ ከፈተችው። ጊዜው ያለፈበት ወይም ልክ ያልሆነ። አይቲ ክፍል ደወለች። አይቲ ክፍል በሙሉ ኃላፊነት መለሰ፦ «እንደገና ሞክሪ።» ሞከረች። ያው። «ሌላ ብሮውዘር ሞክሪ።» ያው። «ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።» ያው። የሚሞከር ነገር እስካለ ድረስ የሚታሰብ ነገር አያስፈልግም፤ የአይቲ ሙያ ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን አንድ ልጅ ተሳስቶ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተ። እንዲህ ይላል፦

```
10:12:04 POST /password/forgot        200
10:12:07 GET  /password/reset?token=… 200
10:15:41 GET  /password/reset?token=… 410
```

በ10:12:04 ሠራተኛዋ ሊንክ ጠየቀች። በ10:15:41 ከፈተችው፣ ሞቶ አገኘችው። መሀል ላይ ያለው ማነው? በ3 ሴኮንድ ውስጥ ኢሜይሉን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ሊንኩን የከፈተ ፈጣን ሰው በመሥሪያ ቤቱ የለም። ሰው አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጠባቂ ነው። የማይክሮሶፍት ሴፍ ሊንክስን የመሰሉ ጠባቂዎች፣ በውስጡ ቫይረስ ወይም የማጭበርበሪያ ገጽ እንዳይኖር ሊንኩን እኛ ሳናየው ከፍተው ሊያዩት ይችላሉ። አደራ ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው፦ የተላከልሽን እንጀራ እንዳይመርዝሽ ብሎ ቀድሞ የሚበላልሽ። ቴሌግራምም ያው ነው፤ ሊንኩን «እየው እስቲ፣ ለኔ እምቢ አለ» ብላችሁ ዋሽንግተን ላለ ወንድማችሁ ከላካችሁት፣ ከሊንኩ ሥር ቅድመ እይታ ለማሳየት ሰርቨሩ ቀድሞ ገጹን ይጎበኛል። (የፓስዎርድ መቀየሪያ ሊንክ ለወንድምም አይላክም፤ ግን መቼ ሰማን።)

ጠባቂው ጥፋት የለበትም። የድረ ገጽ ሕግ ከድሮ ጀምሮ GET፣ ማለትም ገጽ ከፍቶ ማየት፣ ምንም መለወጥ የለበትም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው RFC 2616 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ላይ ተጽፏል። ማየት ማየት ነው፣ መጠቀም አይደለም። የኛ ሲስተም ሠሪዎች ግን ቸኩለው፣ ገጹ እንደተከፈተ ቶከኑ «ጥቅም ላይ ዋለ» ብለው አቃጠሉት። መቃጠል የነበረበት ሰውየው አዲስ ፓስዎርድ ጽፎ «አስቀምጥ» ሲል፣ ለውጥ በሚላክበት በPOST ሲላክ ነበር። ያኔ ጠባቂው ሺህ ጊዜ ቢያይ ቶከኑ ንክች አይልም።

በሽታው ይሄ መሆኑን ማወቅም ከባድ አይደለም። ሌላ አዲስ ሊንክ በግል ኢሜይል አስልኩ። በግሉ ከሠራ፣ በመሥሪያ ቤቱ ከሞተ፣ ቀድሞ የሚከፍት አለ ማለት ነው። መዝገቡን የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ የመጀመሪያው ጎብኚ አይፒ አድራሻ ከቢሮው አይደለም፣ ከሩቅ ዳታ ሴንተር ነው። ብዙ ጊዜም ገጹን ብቻ ነክቶ ይሄዳል፤ ምስሉንም ጌጡንም አይጭንም።

ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ። ማስተካከያው የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለ። አለቆቹ አመሰገኑት። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴው ቅሬታዎቹን መረመረ፣ ቅሬታዎቹ ሁሉ «ጊዜው አልፏል» እንደሚሉ ደረሰበት። ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የሊንኩ ዕድሜ ከ1 ሰዓት ወደ 24 ሰዓት ከፍ አለ። በ3 ሴኮንድ ለሚሞት ሊንክ ይህን ያህል ዕድሜ የመረቀ ኮሚቴ ሊደነቅ ይገባዋል።

ውሳኔው ለሠራተኛው በሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ተልኳል። ዝርዝሩን ለማንበብ የሚያገለግል ሊንክም አብሮ ተያይዟል፤ ለደህንነት ሲባል የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።