እርማት፦ የሮጠው ማን ነው?

«በአማርኛ ግሱ ራሱ አድራጊውን ስለሚናገር፣ ገላጭ ሐረግ የትም ቢገባ ትርጉም አይዛባም።»

ይህ የሚሠራው ባለቤቱና ተሳቢው በመደብ፣ በጾታ ወይም በቁጥር ሲለያዩ ብቻ ነው። «ዓሣ አጥማጁ ልጅቷን በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እየሮጠች አያት» ሲባል የሮጠችው ልጅቷ እንደሆነች «ች» ትነግረናለች፤ «እየሮጠ አያት» ቢባል ግን የሮጠው እርሱ ነው። በልጅቷ ፋንታ ወንድ ልጅ ገብቶ «ዓሣ አጥማጁ ልጁን በሐይቁ ዳር እየሮጠ አየው» ሲባል፣ ሁለቱም ሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ ስለሆኑ ግሱ አይለያቸውም። ጸሐፊው ማን እንደሮጠ አስቀድሞ ስለሚያውቅ አሻሚነቱ አይታየውም፤ እኔ በጣም አሳሳች የምለውም ይህንኑ ነው። ልጁ ከሮጠ «ልጁ በሐይቁ ዳር ሲሮጥ ዓሣ አጥማጁ አየው»፣ አጥማጁ ከሮጠ ደግሞ «ዓሣ አጥማጁ በሐይቁ ዳር ሲሮጥ ልጁን አየው» ተብሎ መጻፍ አለበት።