ድስት ሳይጣድ

ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ እየጠጡ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ተከራከሩ። ሁለቱም ሥራቸው የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ክርክሩ ጠዋት 2 ሰዓት ፈረቃ ሲጀመር ወዲያው የመጀመሪያው ፋይል ይከፈት ወይስ በፊት አሥር ደቂቃ የአጻጻፍ መመሪያው፣ የተመለሰ ፋይልና ማዳመጫው ይታዩ የሚል ነበር።

ልጁ «የሚከፈለን በፋይል ነው እኮ፣ እትዬ! መመሪያውን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለ። ያለው ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

እሷ ግን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብላ ጀመረች። ፋይሉ ሲከፈት ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ስለዚህ የሚታየው ሁሉ ከዚያ በፊት መታየት አለበት። መጀመሪያ የመመሪያው ገጽ ላይ መቼ እንደታደሰ ይታያል። እዚህ ላይ ልጁ ራሱ ተሰናክሏል። ገጹ «ሰኞ 18:30 UTC» ይላል፤ እሱ ሰኞ ውሎ ስለነበር ያየው መሰለው። በእኛ ግን 3 ሰዓት ሲጨመርበት 21:30፣ ማለትም ማታ 3:30 ነው፣ እሱ ደግሞ የወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው። በአዲሱ መመሪያ ቁጥር በአኃዝ መጻፉ ቀርቶ እንደተነገረው በፊደል ሆኗል፤ «25» ሳይሆን «ሃያ አምስት»። ማክሰኞ የሠራቸው 40 ፋይሎች ተመለሱ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ቀጥሎ ትናንት የተመለሰ ፋይል ካለ የአራሚው አስተያየት ይነበባል፤ ያው ስህተት ዛሬም እንዳይደገም።

የቀረው ማዳመጫው ነው፤ እኔም ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። የስልክ ንግግር ብዙ ጊዜ አንዱ ተናጋሪ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ሆኖ ይቀዳል። የማዳመጫው ገመድ ሶኬቱ አጠገብ እየታጠፈ ውስጡ ሲበጠስ አንዱ ጆሮ ዝም ይላል። ሠራተኛው የሚሰማው አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራ ነው፤ ጥያቄ የሌለው መልስ ይጽፋል፣ በመሃሉም «ዝምታ» ብሎ ይሞላል። ድምፁ ጥርት ያለ ስለሆነ ምንም አይጠረጥርም። መላው ቀላል ነው፦ ሁለት ሰው የሚነጋገርበትን፣ ከዚህ በፊት የሚታወቅ ቅጂ ለግማሽ ደቂቃ ከፍቶ ገመዱን በጣት ማወዛወዝ። አንዱ ድምፅ ከጠፋ ወይም ከተቆራረጠ ማዳመጫው ይቀየራል።

ልጁ «አሥር ደቂቃ ሁለት ፋይል ነው» አለ። እሷም «አርባው ስንት ደቂቃ ነበር፣ ወንድሜ? አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለችው።

እውነቱ ከእሷ ጋር ነው። ልጁን ብቻ ግን አልወቅስም። ዘመኑ ሩጫን ሥራ ብሎ ለምዷል፤ የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሳይነበብ ይፈረማል፣ በየመሥሪያ ቤቱም ስንት ፋይል ወጣ እንጂ ስንቱ ልክ ነው የሚል የለም። እነሱም ቢሮ በየጠዋቱ ማን ስንት እንደጨረሰ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የተመለሰው የሚጻፍበት ዓምድ እንኳ የለውም።