ከታኮው ርዝመት ላይ የፊቱን ሶል ቀንሺ

«ታኮውና ሶሉ አንድ ወጥ የሆነው ዌጄም፣ ባለ ቀጭን ታኮው ስቲሌቶዬም ታኳቸው 10 ሳንቲሜትር ነው። ለምን ስቲሌቶው ብቻ ያሳምመኛል?» ላልሽው፦

እህቴ፣ የፊቱን ሶልም ለኪው። ዌጁ ከፊት 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ ተረከዝሽ ከጣቶችሽ በላይ የሚነሳው 7 ብቻ ነው። ስቲሌቶው ግን ከፊት ስስ ነው፤ 10ሩም እግርሽ ላይ ያርፋል። ክብደትሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ላለመውደቅ ጉልበትና ወገብ ይለፋሉ። ቀጭኑ ጫፍ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ያወላውላል። እግርን ረጅም በማስመሰል ግን የሚያህለው የለም፣ እውነቱን እንናገር!

ዌጅም እንከን አያጣም። ወፍራም ሶሉ እንደልብ ስለማይተጣጠፍ አረማመድን ያከብዳል፤ ጫማውንም ደንደን ያደርገዋል። ለብዙ ሰዓት መቆም ካለብሽ ዝቅ ያለና ወፈር ያለ ብሎክ ታኮ እመርጥልሻለሁ። ኪተን የሚባለው ቀጭን ታኮ አጭር ስለሆነ ጫናው ይቀንሳል፤ ጫፉ ግን ያው ቀጭን ነው። ከመግዛትሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ አቁመሽ ታኮውን በጣትሽ ነካ አድርጊው፤ ከተንቀጠቀጠ ተይው።