«ለመድኃኒት ምላሽ አልሰጡም» የሚል ሪፈር ምን ይነግረኛል?

የ52 ዓመት መምህርት ናቸው። ሪፈር ወረቀታቸውን አጣጥፈው በቦርሳቸው ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ብቻ ነው፦ «ከባድ ድባቴ። ለመድኃኒት ምላሽ አልሰጡም። ለተሻለ ሕክምና ተልከዋል።» የላካቸው የቤተሰብ ሐኪም ስድስት ወር ሙሉ ተከታትሏቸዋል። ከስድስቱ ወር እኔ ዘንድ የደረሰው ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው።

የአእምሮ ሐኪም ድባቴን መድኃኒት አልበገረውም የሚለው ቢያንስ ሁለት የድባቴ መድኃኒቶች በየተራ ተሞክረው ካልረዱ ነው። ያውም እያንዳንዳቸው በበቂ መጠን፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህል፣ ሳይቆራረጡ ተወስደው። ስለዚህ «ምላሽ አልሰጡም» የሚለው ቃል የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ጊዜ ከጎኑ ካልተጻፈ ባዶ ነው።

«የመጀመሪያውን ኪኒን ለምን ያህል ጊዜ ወሰዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወርም አልሞላኝ ዶክተር። ለውጥ የለውም ስለው በሌላ ቀየረልኝ።»

የመጀመሪያው ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ነበር። ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ ማታ 25 ሚሊ ግራም፣ ለአራት ወር ያህል። በመካከሉ ጠበል ሲሄዱ ሁለት ሳምንት አቋርጠዋል። 25 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፣ ሕመምም ያስታግሳል። ድባቴን ለማከም ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ 75 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ከፍ ማለት አለበት። መምህርቷ እንቅልፋቸው ስለተስተካከለ መድኃኒቱ እየሠራ መስሎ ቆየ፤ ኀዘኑና ድካሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጊዜ አንሶት፣ ሁለተኛው መጠን አንሶት ነው የቀረው። ሕመማቸው መድኃኒት ያልበገረው ሳይሆን ገና በወጉ ያልታከመ ነበር።

ወረቀቱን አምኜ ብቀጥል ኖሮ ሊቲየም ልጨምርላቸው እችል ነበር። ሊቲየም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን፣ ኩላሊትና ታይሮይድ በየጊዜው መመርመር አለባቸው። ከክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። የታይሮይድ ምርመራ አዘዝሁ፤ የታይሮይድ ማነስ ድባቴን ሊመስል፣ መድኃኒቱንም እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላልና። ውጤቱ ደህና ነበር። አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ ብዬ አስቆምሁ፤ ፍሉኦክሰቲን አብሮት ሲወሰድ መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ፍሉኦክሰቲንን እንደገና ጀምሬ 40 ሚሊ ግራም አደረስሁት። ባለ ዘጠኝ ጥያቄው የድባቴ መለኪያ ከ27 ነጥብ ሲመጡ 20 ነበር፤ በስምንተኛው ሳምንት 8 ሆነ።

የቤተሰብ ሐኪሙን ወረፋ አውቀዋለሁ፤ ገጽ ሙሉ እንዲጽፍልኝ አልጠይቅም። የምፈልገው ለምሳሌ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ነው፦ «ፍሉኦክሰቲን 20 ከዚያ 40 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው ለ10 ሳምንት፤ ነጥባቸው ከ21 ወደ 18። ቀጥሎ ሰርትራሊን እስከ 150 ሚሊ ግራም፣ ለ8 ሳምንት፤ ነጥባቸው 17። ኪኒኑን የምትሰጣቸው ልጃቸው ናት፣ አላቋረጡም። ታይሮይድና ሄሞግሎቢን ደህና። አልኮልና ጫት የለም።» ይህን ያነበበ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ቀጣዩን እርምጃ መጀመር ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እንዳይቀር እለምናለሁ፦ ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ሳይደክሙ፣ ሐሳባቸው እየፈጠነ፣ ያለልክ ገንዘብ ያወጡበት ወይም ያወሩበት ጊዜ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ በሽታው ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ያኔ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን አለመሥራቱ አያስገርምም፤ ሊያባብሰውም ይችላል። ይህን ደግሞ ከታማሚው ይልቅ ባል ወይም እህት በደንብ ያስታውሳል። ቤተሰቡን ለዓመታት የሚያውቅ ሐኪም ከእኔ ቀድሞ የሚደርስበት ነገር ነው።

ስለ ራስ ማጥፋት ሐሳብ ብዙዎች ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይፈራሉ። ወረቀቱን የሚይዘው ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባኛል። የመምህርቷም ወረቀት ይህን ዘልሎታል። ስጠይቃቸው ግን የተረፈውን አሚትሪፕቲሊን ሁሉ በመሳቢያ አጠራቅመው እንደነበር ነገሩኝ። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል። በዚያው ቀን እህታቸው ኪኒኑን ሰብስባ አመጣችልኝ፤ ከዚያ በኋላ የማዝዘው የአንድ ሳምንት ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ታማሚው እያወቀ በታሸገ ፖስታ መጻፍ ይቻላል። አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ታማሚው ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ስልክ መደወል ነው።