ለመጋላ ነጭ ቆርቆሮ፣ ለከዚራ ዛፍ

«አቦ፣ ድሬ ድሮም ሞቃት ነች። ዛፍ ተከልክ፣ ጣሪያ ቀባህ፣ ምን ሊለወጥ?» የሚሉ አሉ።

ለውጡን ማየት የፈለገ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይውጣ። ቀን ላይማ በዙሪያዋ ያለው ደረቅ ሜዳም ይጋያል፣ ከተማዋም ትጋያለች፤ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ሜዳው ሙቀቱን ቶሎ ለሰማይ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል። ብሎኬቱ፣ ኮንክሪቱና አስፋልቱ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙትን ሌሊቱን ቀስ እያሉ ይለቁታል። ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ አንዱ ግድግዳ የለቀቀውን ሌላው ይቀበለዋል፤ ወደ ሰማይ የሚያመልጥበት ክፍተት ትንሽ ነው። ከመኪናና ከኤሲ የሚወጣውን ትኩስ አየር ጨምሩበት። ባለሙያዎች የከተማ ሙቀት ደሴት የሚሉት ይህን ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ያንን ማንም አይለውጠውም። ከዚያ በላይ እንቅልፍ የሚነሳው ሙቀት ግን የግንባታችን ውጤት ነው።

ድሬ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የሆነችው አንድ ፀሐይ የሚወጣባቸው ሁለት ሰፈሮች ስላሏት ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ኩባንያው ከዚራን በቀጥተኛና ሰፋፊ ጎዳናዎች ከፍሎ ሠራው፤ ዳርና ዳሩም ዛፍ ለበሰ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በንግድና በሰው ብዛት ያደገ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ተጣብቀዋል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከላይ ሲታይ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። ስለ ከተማ ሙቀት በተወራ ቁጥር «ችግኝ እንትከል» የሚለው መልስ ይቀድማል። መጋላ ውስጥ የት ላይ? ጋሪ በማያልፍበት መተላለፊያ ጉድጓድ ቆፍረህ ዛፍ አታቆምም። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ለመጋላ ቀለም፣ ለከዚራ ዛፍ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሁን።

ከቆርቆሮው እንጀምር። አራት በስድስት ሜትር የሆነች ቤት ጣሪያዋ 24 ካሬ ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ በጠራ ሰማይ በአንድ ካሬ አንድ ኪሎዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ይወርዳል። የዛገ ቆርቆሮ ከዚህ ሦስት አራተኛውን ያህል ይውጣል፤ 18 ኪሎዋት መሆኑ ነው። አምስት የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጣሪያ ላይ ጥዶ እንደ መዋል ነው። አዲስ የተቀባ ጥሩ ነጭ ቀለም ግን 80 በመቶውን ይመልሳል፤ የሚቀረው አንድ ምጣድ ተኩል አይሞላም። በእርግጥ ቆርቆሮው የዋጠው ሁሉ ቤት አይገባም። ግማሹ ወደ ውጭ አየር ይሄዳል፤ ሰፈሩን በጠቅላላ የሚያሞቀውም እሱ ነው።

«አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይ ይመልሳል፣ ምን ቀለም ያስፈልገዋል?» የሚል አናጢ አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። የሚያብለጨልጭ ብረት ብርሃን ይመልሳል፤ የዋጠውን ጥቂት ሙቀት ግን በጨረር መልሶ መልቀቅ አይችልበትም። ስለዚህ እያብለጨለጨ እጅ ያቃጥላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይሠራል፤ ይመልሳልም፣ ይለቃልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጨረር የሚለካውን ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር በአዲስ ቆርቆሮ ላይ ቢያነጣጥሩት ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ቆርቆሮው ጨረር ስለማይለቅ መሣሪያው ይታለላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ ቆርቆሮው ላይ መለጠፍ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና ናስትሮው ላይ መለካት። የቀለም ሻጭ «እዩ፣ ልዩነት የለውም» ወይም «እዩ ተአምሩን» ሲል ናስትሮውን አውጡ።

አሠራሩም ቀላል ቢመስልም ይበላሻል። ኖራ ርካሽ ነው፤ ለኮንክሪትና ለጭቃ ጣሪያ ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ ግን አይይዝም፣ ይረግፋል። አዲስ ቆርቆሮ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ስላለው በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ የተቀባው ሁሉ እንደ ቅርፊት ይነሳል። የዛገው ተፍቆ አንቲረስት ከተቀባ በኋላ ነው ነጩ የሚከተለው። የድሬ አቧራ ደግሞ ነጭ ነገር አይወድም። ቀለሙ በደንብ ከቆሸሸ ከሚመልሰው ብርሃን አንድ አምስተኛውን እንኳ ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ሚያዝያ ሳይገባ መታጠብ አለበት።

የሕንዷ አህመዳባድ ይህንን በድሆች ሰፈር ሞክራዋለች። በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ሙቀት ከወትሮው በላይ 1,344 ሰው ገደለ። ከተማዋ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች፣ በ2017 ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሪያዎችን ነጭ ማስቀባት ጀመረች። ቤት ውስጥ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ ቅናሽ እንደሚገኝ ይነገራል። ኤሲ ለሌለው ሰው ይህ ብዙ ነው።

ታዲያ መንገዱንም ነጭ እንቀባው? እዚህ ላይ አቁሙ። የአሜሪካዋ ፊኒክስ በ2020 አስፋልቷን ፈዛዛ ቀለም ቀብታ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ለካች። የአስፋልቱ ወለል ቀን ላይ 6 ዲግሪ ያህል ቀዘቀዘ። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ላይ ያረፈው የሙቀት ጫና ግን 3 ዲግሪ ያህል ጨመረ፤ ከአስፋልቱ የተመለሰው ብርሃን እግረኛውን ከሥር ይመታዋል። ጣሪያ ላይ የሚራመድ ሰው የለም። ቀፊራ ገበያ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው አለ።

እግረኛን የሚያድነው ጥላ ነው። ዛፍ በቅጠሉ ውኃ እያተነነ አየር ያቀዘቅዛል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው፣ ግን ውኃ ሲያገኝ ነው። በደረቅ ወር ዛፉ የቅጠሉን ቀዳዳ ዘግቶ ራሱን ያድናል። ያኔም ጥላው አለ። ለዚህ ነው የዝርያ ምርጫው ጨዋታ ያልሆነው። በቀይ አበባው የምናውቀው የድሬዳዋ ዛፍ ያምራል፣ ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሥሩም ላይ ላዩን እየሄደ ንጣፍ ይፈነቅላል። ለእግረኛ መንገድ ኒም ይሻላል፤ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቅጠል አለው። የተተከለ ችግኝ ጥላ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከዚራ ውስጥ አንድ ያደገ ዛፍ ለመንገድ ማስፋፊያ ተቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ ተተከለ ሲባል ሒሳቡ አይገጥምም።

ጣሪያ ላይ ሣር የመትከሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አሥር ሴንቲ ሜትር አፈር ውኃ ሲጠጣ በካሬ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የባሕር ዛፍ አጣና ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይችልም። ለአዲስ ሆቴልና ለቢሮ ሕንፃ፣ ያውም የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ አጣርቶ ለሚያጠጣው፣ ይሁን።

ከተማ አስተዳደሩ በጀት ሲይዝ የተተከለ ችግኝ ብዛት መቁጠሩን ትቶ በሦስተኛው ዓመት የእግረኛ መንገዱ ላይ ያረፈውን ጥላ በሜትር ይለካ። መጋላ ላይ ደግሞ አንድ ረድፍ ቤት ይቀባ፣ ጎረቤቱ ረድፍ ሳይቀባ ይቆይ፣ በግንቦት ቀን 9 ሰዓትና ሌሊት 4 ሰዓት ላይ የሁለቱም ቤት ውስጥ ይለካ። ውጤቱ ከቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።